ከሁለቱም በኩል ሲያዩት ጫፍ የሚመስል ነጥብ፦ የገብስ ማሳ፣ ሁለት ግብዓትና የሁለተኛው ድሪቬቲቭ ፈተና

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ገብስ የሚያመርት ገበሬ በክረምቱ መግቢያ ሁለት መጠኖችን አብሮ መወሰን ይኖርበታል፦ ለአንድ ሄክታር ምን ያህል ናይትሮጅን፣ ምን ያህል ፎስፈረስ። ለብዙ ዓመታት ከግብርና ባለሙያ የሚሰማው መልስ አንድ ነበር፤ 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ዳፕ ከክብደቱ 18 በመቶው ናይትሮጅን፣ 46 በመቶው ደግሞ በP2O5 የሚቆጠር ፎስፈረስ ነው፤ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ይዟል። ሲደመር 64 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ P2O5 ይሆናል። በኋላ ዳፕ ቦታውን ለኤን.ፒ.ኤስ. ለቀቀ፤ ይኸኛው 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ P2O5 እና 7 በመቶ ሰልፈር ያለበት ነው። ማዳበሪያው ሲለወጥ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ሁለቱ መጠኖች ስንት ስንት ቢሆኑ ይሻላል? የተሻለው መጠን የተባለውስ በእርግጥ የተሻለ መሆኑ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ጥያቄ በየምርምር ጣቢያው ብዙ ተሠርቶበታል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛው የካልኩለስ ኮርስ ላይ የሚሰጠው የሁለት ተለዋዋጮች ፋንክሽን ምርመራ፣ ማለትም ግራዲየንትና የሁለተኛ ድሪቬቲቭ ፈተና፣ በገብስ ማሳ ላይ ምን ሊነግረን እንደሚችልና የት ላይ ዝም እንደሚል አንድ በአንድ እናያለን። በሚከተሉት ስሌቶች ያሉት ቁጥሮች አካሄዱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ የየትኛውም ጣቢያ ውጤት ስላልሆኑ ማንም ማሳው ላይ እንዳይጠቀምባቸው።

ከሙከራ ማሳ ወደ ፋንክሽን

የማዳበሪያ ሙከራ ሲካሄድ መሬቱ በትናንሽ መደቦች ይከፈላል፤ ለየመደቡም የተለያየ መጠን ይሰጠዋል። የናይትሮጅን ደረጃዎቹ በአገራችን ብዙ ጊዜ 0፣ 23፣ 46፣ 69 እና 92 ኪሎ ናቸው፤ 23 ኪሎ ማለት ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ስለሆነ ነው። አምስቱ የናይትሮጅን ደረጃዎች ከአራት የፎስፈረስ ደረጃዎች ጋር ቢጣመሩ 20 ጥምረት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ቢደገም 60 መደብ ማለት ነው። ከየመደቡ የተገኘው ምርት ይመዘናል፤ ከዚያም በመረጃው ላይ በተቻለ መጠን የሚገጥም የሁለተኛ ዲግሪ ቀመር ይፈለጋል።

x በሄክታር የሚሰጠው ናይትሮጅን በ10 ኪሎ ተቆጥሮ፣ y ደግሞ P2O5 በ10 ኪሎ ተቆጥሮ ይሁን። f በሄክታር የሚገኘው የገብስ ኩንታል ነው። ሙከራው የሚከተለውን ቀመር ሰጠ እንበል፦

f(x, y) = 12 + 3.4x + 2y − 0.2x² − 0.25y² + 0.1xy

እያንዳንዱ ቃል ትርጉም አለው። 12 ያለ ማዳበሪያ የሚገኘው ምርት ነው። 3.4 እና 2 የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች የሚያስገኙትን ጭማሪ ይናገራሉ። ኔጌቲቭ የሆኑት ሁለቱ የካሬ ቃላት ማዳበሪያ እየበዛ ሲሄድ ጥቅሙ እየሳሳ እንደሚመጣ ያሳያሉ። የመጨረሻው 0.1xy አንዱ ማዳበሪያ የሌላውን ሥራ ምን ያህል እንደሚለውጥ ይገልጻል፤ እዚህ ፖዘቲቭ ስለሆነ ፎስፈረስ ያገኘ ገብስ ናይትሮጅኑን ይበልጥ ይጠቀምበታል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚህ ቃል ላይ ነው።

ግራዲየንቱ የሚናገረው

አንዱን መጠን ባለበት አቁመን ሌላውን በጥቂቱ ብንጨምር ምርቱ በምን ያህል ይለወጣል? ይህን የሚመልሱት ሁለቱ ከፊል ድሪቬቲቮች ናቸው፤ አንድ ላይ ሲጻፉ ግራዲየንት ይባላሉ።

f_x = 3.4 − 0.4x + 0.1y
f_y = 2 − 0.5y + 0.1x

በቀድሞው ምክር፣ በ64 ኪሎ ናይትሮጅንና በ46 ኪሎ P2O5፣ x = 6.4 እና y = 4.6 ነው። ስናስገባው f_x = 1.30፣ f_y = 0.34 ይወጣል። እዚያ ላይ የቆመ ገበሬ 10 ኪሎ ናይትሮጅን ቢጨምር 1.3 ኩንታል ገደማ ያተርፋል፤ 10 ኪሎ P2O5 ቢጨምር ግን የሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ኩንታል ብቻ ነው። እንግዲህ ግራዲየንቱ ዜሮ ባልሆነበት ቦታ ሁሉ መሻሻያ መንገድ አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከፍተኛው ምርት ከሜዳው ውስጥ ካለ የሚገኘው ሁለቱም ከፊል ድሪቬቲቮች ዜሮ በሚሆኑበት ነጥብ ነው። ይህ ወሳኝ ነጥብ ይባላል። ሁለቱን እኩልታዎች አብረን ስንፈታ x = 10፣ y = 6 እናገኛለን፤ 100 ኪሎ ናይትሮጅንና 60 ኪሎ P2O5። ምርቱም 35 ኩንታል ይሆናል፤ በቀድሞው ምክር ደግሞ 32.4 ነበር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል። ግን ግራዲየንቱ ዜሮ መሆኑ የሚናገረው በዚያ ነጥብ ዙሪያ መሬቱ ለጥ ያለ መሆኑን ብቻ ነው። ጫፍም ጉድጓድም ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ፈተና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

D የመጣው ከየት ነው?

ከወሳኙ ነጥብ በናይትሮጅን በኩል h፣ በፎስፈረስ በኩል k ብንርቅ፣ ምርቱ የሚለወጠው በሚከተለው መጠን ነው፦

½ ( f_xx h² + 2 f_xy h k + f_yy k² )

የእኛ ቀመር የሁለተኛ ዲግሪ ስለሆነ ይህ ልክ ነው፤ ለሌሎች ፋንክሽኖች ደግሞ ነጥቡ አጠገብ ጥሩ ግምት ነው። በምሳሌያችን f_xx = −0.4፣ f_yy = −0.5፣ f_xy = 0.1 ነው።

መጻሕፍት D = f_xx f_yy − f_xy² የሚለውን ቁጥር ያለ ብዙ ማብራሪያ ያቀርቡታል፤ ተማሪውም ይሸመድደዋል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። ናይትሮጅኑን በh እንለውጥና ፎስፈረሱን ለዚያ ለውጥ እጅግ በሚስማማው መጠን እናስተካክለው። የሚስማማው k = −(f_xy / f_yy) h ነው። ይህን መልሰን ስናስገባ የምርቱ ለውጥ ½ (D / f_yy) h² ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ D የሚመልሰው ጥያቄ ይኼ ነው፦ አንዱን ግብዓት ለውጬ ሌላው ቢያካክስልኝ፣ ከነበርኩበት የተሻለ ቦታ ልደርስ እችላለሁ?

በምሳሌያችን D = (−0.4)(−0.5) − 0.1² = 0.19 ነው። D ፖዘቲቭ፣ f_yy ኔጌቲቭ ስለሆነ ለውጡ −0.19h² ይሆናል። ፎስፈረሱን የቱንም ያህል በብልሃት ብናስተካክል ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ (10, 6) በእርግጥ ከፍተኛ ነው። ፋንክሽኑ የሁለተኛ ዲግሪ በመሆኑም አጠገቡ ካሉት ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ይበልጣል፤ ሁለተኛ ድሪቬቲቮቹ በየቦታው አንድ ናቸውና።

ሕጉ በሙሉ ሲነገር እንዲህ ነው። D ፖዘቲቭ ሆኖ f_xx ኔጌቲቭ ከሆነ ከፍተኛ ነጥብ፤ D ፖዘቲቭ ሆኖ f_xx ፖዘቲቭ ከሆነ ዝቅተኛ ነጥብ፤ D ኔጌቲቭ ከሆነ የኮርቻ ነጥብ፤ D ዜሮ ከሆነ ፈተናው አይመልስም። ይህን መስፈርት ላግራንዥ በ1759 አሳትሞታል። ሁለተኛ ድሪቬቲቮቹን በሠንጠረዥ ማስቀመጡ በጀርመናዊው ሉድቪግ ኦቶ ሄሴ ስም ሄሲያን ተብሎ ሲጠራ፣ D የዚያ ሠንጠረዥ ዲተርሚናንት ነው።

ሁለት ሙከራ ያሳሳተው ነጥብ

አሁን ግብዓቶቹን እንቀይር። አንዱ ናይትሮጅን፣ ሌላው የዘር መጠን ይሁን። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ ይጋፋሉ። ዘሩ ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅልና ናይትሮጅኑም ሲበዛ አገዳው ይረዝማል፣ ይቀጥናል፤ የነሐሴ ዝናብና ነፋስ ሲመጣበት ሰብሉ ይጋሸባል፤ የተኛ ገብስ ደግሞ ፍሬው አይሞላም። ስለዚህ የመስተጋብሩ ቃል ኔጌቲቭ ይሆናል።

ወሳኙ ነጥብ 60 ኪሎ ናይትሮጅንና 120 ኪሎ ዘር ላይ ነው እንበል። ከዚያ ነጥብ ያለንን ርቀት በ10 ኪሎ ቆጥረን ለናይትሮጅን u፣ ለዘር v ብንል፣ ቀመሩ እንዲህ ይሁን፦

f = 28 − 0.2u² − 0.25v² − 0.6uv

አንድ ተመራማሪ ዘሩን 120 ላይ አቁሞ ናይትሮጅኑን ብቻ ይሞክራል። በ50 ኪሎም በ70 ኪሎም ምርቱ 27.8 ይሆንበታል፤ በ60 ኪሎ 28። «ናይትሮጅን 60 ላይ ትክክል ነው» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ናይትሮጅኑን 60 ላይ አቁሞ ዘሩን ይሞክራል፤ በ110ም በ130ም 27.75 ያገኛል። «ዘር 120 ላይ ትክክል ነው» ይላል። ሁለቱም ያዩትን በትክክል ጽፈዋል፤ ሁለቱም ሁለተኛ ድሪቬቲቮች፣ −0.4 እና −0.5፣ ኔጌቲቭ ናቸው። ሁለቱ ሪፖርቶች አንድ ላይ ሲነበቡ 60 እና 120 የከፍታው ጫፍ ይመስላል።

D ግን (−0.4)(−0.5) − (−0.6)² = 0.20 − 0.36 = −0.16 ነው። ኔጌቲቭ። ናይትሮጅኑን በ10 ኪሎ ጨምሮ ዘሩን በ12 ኪሎ የቀነሰ ሰው 0.16 ኩንታል ያተርፋል። በ30 ኪሎ ጨምሮ በ36 ኪሎ ቢቀንስ 1.44 ኩንታል ያገኛል፤ ጭማሪው በርቀቱ ካሬ ያድጋልና። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ናይትሮጅኑን ቀንሶ ዘሩን ቢያበዛም እንዲሁ ይጨምራል። ሁለቱንም አብሮ ያበዛ ግን በ10 በ10 ኪሎ ብቻ 1.05 ኩንታል ያጣል፤ መጋሸብ ማለት ይኼ ነው። እንግዲህ ጫፍ የተባለው ነጥብ ኮርቻ ሆኖ ተገኘ። ሁለት የተሻሉ መንገዶች አሉ፦ ሳሳ ያለ ዘር በብዙ ናይትሮጅን፣ ወይም በዛ ያለ ዘር በጥቂት ናይትሮጅን። መሐል ላይ የቆመው ከሁለቱም ያነሰ ያገኛል።

የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ቅርጽ በእግሩ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ በጣርማ በር የሰንሰለቱን ጀርባ ያልፋል። በመንገዱ ለሚሄደው በሩ የዳገቱ ማብቂያ ነው፤ በሸንተረሩ ጀርባ ለሚጓዘው ግን ያው ቦታ የሚወርድበት ዝቅታ ነው። አንድ ነጥብ፣ በአንዱ አቅጣጫ ከፍተኛ፣ በሌላው ዝቅተኛ። የገብሱ ኮርቻ የሚከብደው ዝቅ የሚልበትና ከፍ የሚልበት አቅጣጫ ከሁለቱ ዋና መስመሮች ጋር ስለማይገጥም ነው፤ ከፍታው ያለው በሰያፉ በኩል ነው። ዋና ዋናዎቹን አቅጣጫዎች ብቻ የመረመረ አያየውም።

ሰያፉን አቅጣጫ ማግኘት የሚቻለው ከሄሲያኑ አይገንቬክተሮች ነው። በዚህ ምሳሌ ከአይገንቫልዩዎቹ አንዱ −1.05፣ ሌላው +0.15 ነው። ምልክታቸው መለያየቱ ኮርቻነቱን ያረጋግጣል፤ መጠናቸው ደግሞ ዳገቱ የቱ ጋ ሹል፣ የቱ ጋ ዘገምተኛ እንደሆነ ይናገራል። ቦክስና ዊልሰን በ1951 ባሳተሙት ጽሑፍ የጀመረው፣ ዛሬ በእርሻም በፋብሪካም ሙከራዎች የሚሠራበት የምላሽ ገጽታ ዘዴ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ የሙከራ ሕግ አለ። በአንድ ጊዜ አንዱን ግብዓት ብቻ የሚለውጥ ሙከራ፣ የቱንም ያህል ቢደጋገም፣ f_xyን ሊለካ አይችልም። f_xy ከሌለ D የለም። D ከሌለ ነጥቡ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ጥምረቶቹ ራሳቸው ማሳ ላይ መዋል አለባቸው።

D ዜሮ ሲሆን፣ ወይም ዜሮ አጠገብ ሲሆን

በዘሩ ምሳሌ የመስተጋብሩ ድሪቬቲቭ −0.6 ነበር። በ0.2 ስኩዌር ሩት ኔጌቲቭ፣ ማለትም በ−0.447 ላይ ቢሆን ኖሮ D በትክክል ዜሮ ይሆን ነበር። በሁለተኛ ዲግሪ ቀመር ላይ ይህ ማለት ነጥቡ አንድ ሳይሆን መስመር ነው፦ ብዙ የናይትሮጅንና የዘር ጥምረቶች እኩል ምርት ይሰጣሉ። ለተማሪ «ፈተናው አይመልስም» የሚባለው ሁኔታ ለገበሬ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል፤ ከእኩዮቹ ጥምረቶች የረከሰውን መምረጥ ይችላልና።

ፋንክሽኑ ከሁለተኛ ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል። x⁴ + y⁴ በ(0, 0) ላይ ዝቅተኛ አለው፤ x⁴ − y⁴ እዚያው ኮርቻ አለው፤ ሁለቱም ላይ D ዜሮ ነው። በየአቅጣጫው ቀጥ ብሎ እየሄዱ መመርመርም አያድንም። ጣሊያናዊው ጁዜፔ ፔያኖ በ1884 ያሳየው ዓይነት ምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

g(x, y) = (y − x²)(y − 2x²)

ከ(0, 0) በማንኛውም ቀጥተኛ መስመር ብንወጣ መጀመሪያ ላይ g ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ነጥብ ይመስላል። በy = 1.5x² ጠመዝማዛ መንገድ ብንሄድ ግን g = −0.25x⁴ ይሆናል፤ ከዜሮ በታች። ዝቅተኛ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ በፊት ብዙ የሒሳብ ሰዎች በሁሉም መስመሮች ላይ መመርመር ይበቃል ብለው ያስቡ ነበር።

በማሳ ላይ ግን ከትክክለኛው ዜሮ ይልቅ የሚያስቸግረው ዜሮ አጠገብ መሆን ነው። ከሙከራ የሚገኙት ድሪቬቲቮች ግምቶች ናቸውና ስህተት ይኖራቸዋል። f_xy −0.40 ሆኖ ስህተቱ በግራም በቀኝም 0.15 ነው እንበል። −0.25 ከሆነ D ፖዘቲቭ ነው፤ −0.55 ከሆነ ኔጌቲቭ። መረጃው ጫፍም ነው ኮርቻም ነው ሊባል ይችላል። ኮምፒውተሩ አንዱን ምልክት ያትማል፤ እርግጠኛ መስሎ የሚታየውም ስለዚህ ነው። ከዚህ ለመውጣት ያለው መንገድ ሁለት ነው፦ በሰያፉ አቅጣጫ ጥቂት መደቦችን ጨምሮ እንደገና መለካት፣ ወይም «በዚህ መረጃ አይለይም» ብሎ መጻፍ።

ዋጋ ሲገባ የሚለወጠውና የማይለወጠው

ወደ መጀመሪያው ቀመር እንመለስ። ከፍተኛ ምርት የሚሰጠው (10, 6) ለገበሬው ምርጥ አይደለም። ጫፉ ላይ ግራዲየንቱ ዜሮ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ኪሎዎች የሚያስገኙት ምንም ያህል አይደለም፤ የተገዙት ግን በሙሉ ዋጋ ነው። ስለዚህ ምርመራው ሊደረግ የሚገባው በትርፉ ላይ ነው።

ወጪውን በገብስ እንቁጠረው። 10 ኪሎ ናይትሮጅን የ0.6 ኩንታል ገብስ፣ 10 ኪሎ P2O5 ደግሞ የ0.8 ኩንታል ገብስ ዋጋ ያወጣል እንበል። ትርፉ f − 0.6x − 0.8y ነው። ግራዲየንቱ ዜሮ የሚሆነው f_x = 0.6 እና f_y = 0.8 በሆኑበት ነው፤ ስንፈታው x = 8፣ y = 4 ይወጣል። ምርቱ ከ35 ወደ 33.6 ኩንታል ዝቅ ይላል፤ ማዳበሪያው የሚወስደው ግን ከ10.8 ወደ 8 ኩንታል ይወርዳል። የቀረለት 25.6 ነው፤ ጫፉ ላይ ቢሆን 24.2 ነበር። ዋጋው ሁለት እጥፍ ቢሆን ነጥቡ ወደ (6, 2) ይሄዳል፤ 60 ኪሎ ናይትሮጅንና 20 ኪሎ P2O5። በዋጋ ለውጥ ይበልጥ የሚጎዳው ፎስፈረሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ልብ የሚባል ሌላም ነገር አለ። ዋጋው ነጥቡን ከቦታው ያንቀሳቅሰዋል እንጂ ሁለተኛ ድሪቬቲቮቹን አይነካም። በሦስቱም ሁኔታ D 0.19 ነው። ከፍተኛ የነበረው ከፍተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ኮርቻም ከነበረ ዋጋ አያድነውም።

የንጥረ ነገሩን መጠን ወደ ማዳበሪያ መመለስም እንዲሁ ነው። (8, 4) ማለት 105 ኪሎ ኤን.ፒ.ኤስ. እና 130 ኪሎ ዩሪያ ነው፦ 40 ኪሎ P2O5 ከኤን.ፒ.ኤስ. ይመጣል፤ ይኸው ማዳበሪያ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ያዋጣል፤ ቀሪው 60 ከዩሪያ ይሞላል። ስሌቱን ከመጀመሪያው በኤን.ፒ.ኤስ. እና በዩሪያ ኪሎ ብናደርገው ግራዲየንቱ ሌላ ቁጥር ያሳያል፤ D ግን በአንድ ፖዘቲቭ ቁጥር ይባዛል እንጂ ምልክቱን አይቀይርም። የነጥቡ ዓይነት በመለኪያ ምርጫ አይለወጥም።

ፈተናው የማይደርስባቸው ቦታዎች

አንደኛው የሙከራው ድንበር ነው። የናይትሮጅኑ ትልቁ ደረጃ 92 ኪሎ ከነበረ፣ ቀመሩ 100 ላይ ያስቀመጠው ጫፍ ማንም ባልዘራበት ቦታ ላይ ነው። D እዚያም ፖዘቲቭ ይላል፤ ግን የሚናገረው ስለ ቀመሩ ነው እንጂ ስለ መሬቱ አይደለም። 80 ላይ ያለው የትርፍ ነጥብ ግን ከሙከራው ክልል ውስጥ ስለሆነ ሊታመን ይችላል። ወሳኙ ነጥብ ኮርቻ በሚሆንበትም ጊዜ ምርጡ የሚገኘው ከዳር ነው፤ ያኔ ግራዲየንቱን ዜሮ ማድረግ ትቶ ዳሩን እየተከተሉ መፈለግ ያስፈልጋል። ገበሬው በእጁ ያለው ብር ከተወሰነም ጥያቄው ከዚህ ዘዴ ይወጣል፤ ገደብ ያለበት ስሌት ይሆናል።

ሁለተኛው የቀመሩ ምርጫ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ቀመር ወዶም ሳይወድም የሆነ ቦታ ላይ ይጎብጣል። ሚቸርሊክ የተጠቀመበት ዓይነት ቀመር፣ ምርቱ ወደ ጣሪያ እየተጠጋ የማይደርስበት፣ ግራዲየንቱ የትም ዜሮ አይሆንም፤ ወሳኝ ነጥብ የሚኖረው ዋጋ ሲገባ ብቻ ነው። በሊቢግ ስም የሚታወቀው ሐሳብ ደግሞ ምርቱን የሚወስነው በጣም ያነሰው ንጥረ ነገር ነው ይላል። እዚያ ምርጡ ነጥብ ሹል ማዕዘን ላይ ይወድቃል፤ ማዕዘን ላይ ድሪቬቲቭ ስለሌለ ግራዲየንቱም D-ም አይሰሉም። በተመሳሳይ መረጃ ላይ ሦስቱም ቀመሮች ደህና ሊገጥሙና የተለያየ መጠን ሊመክሩ ይችላሉ። የሁለተኛ ዲግሪው ቀመር ከጫፉ በኋላ ያለውን ቁልቁለት የፈጠረው ራሱ መሆኑን፣ ወይስ በእርግጥ የተጋሸበ መደብ እንደነበረ፣ ማየት የሚቻለው ወደ ጥሬው መረጃ በመመለስ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የደብረ ብርሃን ሜዳ ጥቁር አፈሩ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃ በተኛበት ናይትሮጅን ወደ አየር ይጠፋል፣ በመኸሩ ማብቂያ ደግሞ ውርጭ አለ። ወደ አንኮበር፣ ወደ ሸንተረሩ ጠርዝ ሲወጣ ማሳው ተዳፋት ይሆናል፤ ውሃው አይተኛም፣ አፈሩ ግን ይታጠባል። ሁለቱ አካባቢዎች ሁለት ፋንክሽን አላቸው። መረጃቸውን ቀላቅሎ አንድ ቀመር ማውጣት ይቻላል፤ ሁለቱም ወደ ላይ የጎበጡ ከሆኑ አማካያቸውም ያው ነው፤ D-ም ችግር አያሳይም። ነገር ግን የአማካዩ ጫፍ የአንዱም ጫፍ አይደለም። የሁለተኛው ድሪቬቲቭ ፈተና ንጹሕ ማለፉ ቀመሩ ለየትኛው ማሳ እንደሆነ አይናገርም።

አራተኛው የሚለካው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን የብቅልና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት። ናይትሮጅን ሲበዛ የገብሱ ፕሮቲን ይጨምራል፤ ብቅል አምራች ደግሞ ፕሮቲኑ የበዛ ገብስ አይፈልግም። ለብቅል የሚዘራ ገበሬ ላይ f ኩንታሉን ብቻ ከቆጠረ፣ በደንብ ተመርምሮ ከፍተኛ መሆኑ የተረጋገጠ ነጥብ እንኳ ፋብሪካው በር ላይ ሊመለስ የሚችል ገብስ ሊያመርት ይችላል።

የዳሰሳው ውጤት

ከላይ የታየው ሲጠቃለል፣ በዚህ ጥያቄ ላይ የሚጻፉ ሥራዎችን ለመመዘን የሚያስችል መስፈርት ይሰጠናል። የተመከረው መጠን ከወሳኝ ነጥብ የመጣ ከሆነ አምስት ነገሮች አብረውት መቅረብ አለባቸው። የመስተጋብሩ ቃልና የስህተቱ መጠን፤ የD ምልክትና ያ ምልክት በስህተቱ ክልል ውስጥ ይጸና እንደሆነ፤ ነጥቡ ከተሞከሩት ደረጃዎች ውስጥ መሆኑ ወይም ውጭ መሆኑ፤ ስሌቱ የምርት ወይስ የትርፍ፣ የትርፍ ከሆነም በየትኛው የዋጋ ንጽጽር፤ መረጃው የየትኛው አፈርና ከፍታ መሆኑ።

ከአምስቱ የመጀመሪያው ከጎደለ የቀሩት አይተኩትም። ስለ እያንዳንዱ ግብዓት ለብቻው በጥንቃቄ የተሠሩ ሁለት ሙከራዎች አንድ ላይ ተደርበው ስለ ጥምረታቸው ምንም ላይናገሩ እንደሚችሉ በዘሩ ምሳሌ አይተናል። አሥር መደብ ትርፍ ያለው ጣቢያ የናይትሮጅን ደረጃውን ይበልጥ ከማቀጣጠን ይልቅ ሁለቱን ግብዓቶች በተቃራኒ አቅጣጫ በሚለውጡ ጥምረቶች ላይ ቢያውለው ይሻላል፤ D የሚወሰነው እዚያ ነውና።